የደንገል ታንኳ በሦስት ደረጃ

የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የማንበብ ችሎታቸው ስለሚለያይ፣ ስለ ደንገል ታንኳ ያዘጋጀሁትን ምንባብ በሦስት ደረጃ ጻፍሁት። ለጎበዞቹ ረጅሙን ሰጠሁ፤ ለመካከለኞቹ ዓረፍተ ነገሮቹን አሳጠርሁ፤ ማንበብ ለሚከብዳቸው ቀላል ቃላት መርጬ ሥዕል ጨመርሁ። ፍሬ ነገሩ በሦስቱም አንድ ነው። ባሕር ዳር እንደኔ ያለ መምህር መቼ አይታ ታውቃለች!

ጎበዞቹ አንዴም ሳይደናቀፉ አነበነቡት። ከደቅ ደሴት የመጣችው ልጅ ግን የቀላሉን ምንባብ አምስት አጭር መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ ላብ በላብ ሆና ጨረሰችና ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ታንኳ ውኃ ላይ አያድርም። ደንገሉ ውኃ ይጠጣል። አባቴ ማታ ማታ አውጥቶ ያደርቀዋል።»

ወረቀቶቹን አየሁ። ታንኳው ሐይቁ ላይ ታስሮ ያድራል ይላሉ፣ ሦስቱም። ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር ስህተቴን እንኳ በየችሎታቸው መጥኜ አድዬ ነበር።