አርባ ሁለት ላይ የቆመው ቴርሞሜትር

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ እንደዚያ አርብ ግን በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት ተሳስቼ አላውቅም።

አርብ አርብ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ከሳይንስ ክበባችን አንድ ተማሪ ሦስት ደቂቃ ይናገራል። የዚያ ሳምንት ርዕስ አየሩ ምድርን እንዴት እንደሚያሞቃት ነበር። ተናጋሪዋ ባሮ ወንዝ ላይ ዓሣ የሚያሰግር ሰው ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። መምህር አያዳላም ይባላል፤ እኔ ግን አዳላላት ነበር። ቤቷ የሚነገረው አኙዋክኛ ነው። ከወር በፊት ክፍል ውስጥ ስታነብ ተማሪዎቹ በአማርኛዋ ስለሳቁባት ሰው ፊት አልቆምም ብላ ነበር፤ ስንት ለምኜ እሺ አስባልኳት። አንድ ጊዜ ደግሞ ከተሳቀባት ክበቡንም እንደምትተው በግልጽ ነግራኛለች።

እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ብዙ ሳታወራ ሙከራው እንዲናገርላት አሰብኩ። ሁለት የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ፀሐይ ላይ እናደርጋለን፤ አንዱ ውስጥ ተራ አየር፣ አንዱ ውስጥ ከአቼቶና ከቤኪንግ ሶዳ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። የትኛው ይበልጥ እንደሚሞቅ ቴርሞሜትሩ ያሳያል። ትምህርት ቤቱ ቴርሞሜትር ስለሌለው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛዬን ለምኜ ሁለት የትኩሳት መለኪያ ተዋስኩ። ንግግሩንም ራሴ ጻፍኩላት፤ ከመጽሐፉ እንደወረደ፣ አትክልት በሚበቅልበት የመስታወት ቤት የሚጀምር።

ስታጠናው፣ «ቲቸር፣ እንዲህ ያለ ቤት የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፈተና ላይ ሊመጣ ይችላል ብዬ ዝም አሰኘኋት። ትዕግሥት እንደሚያንሰኝ ታውቃለች፤ ደግማ አልጠየቀችም።

ያ አርብ መጋቢት ውስጥ ነበር፤ ገና በጠዋቱ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጠርሙሶቹን ከነመለኪያዎቻቸው ቀደም ብዬ ግቢው መሐል ያለው የብረት ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። መዝሙሩ አልቆ እሷ ስትወጣ ቀረብ ብዬ አየሁ። ሁለቱም አርባ ሁለት ላይ ናቸው። የትኩሳት መለኪያ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ያውም ካላራገፉት አይወርድም። የሰው ልጅን ትኩሳት እንጂ የጋምቤላን ፀሐይ እንዲለካ ማን ሠራው? ይህን ሳላስብ መቅረቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ልጅቷ ሁለቱን ቁጥሮች አነበበች፣ ቀና ብላም አየችኝ። «እኩል ናቸው» አለች። ሳቅ ሆነ። በኔ ነበር የሳቁት፤ እሷ ግን ያንን እንዴት ታውቃለች? ወጥቼ ልተካት አንድ እግሬን አንስቼ ነበር።

እሷ የጻፍኩላትን ወረቀት አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባቴ ዓሣ የሚያሰግረው ማታ ነው» አለች። «በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ካለ ወፍራም ልብስ ይዞ ይወጣል። ደመና ካለ ትቶት ይሄዳል። መሬት ቀን ከፀሐይ የወሰደችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች፤ ይሄ ሙቀት በዓይን አይታይም። ደመናው ይይዘውና ከፊሉን ወደ እኛ ይመልሰዋል። ለዚህ ነው አባቴን የማይበርደው።»

አንዱ ከኋላ ሊስቅ ሞከረ፤ የሚያግዘው ግን አላገኘም። ሁሉም ደመናማ ማታ እንዴት እንደሚያፍን ያውቀዋል።

ቀጠለች። ደመና በሌለበትም አየሩ ውስጥ እንዲህ የሚሠሩ ጋዞች አሉ አለች፤ የውሃ ትነት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴን። የፀሐይን ብርሃን አብዛኛውን ያሳልፋሉ፤ ከመሬት የሚነሳውን ሙቀት ግን ይይዙና በየአቅጣጫው ይለቁታል፤ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ታች ይመጣል። ጭራሽ ባይኖሩ ምድር በረዶ ትሆን ነበር፤ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ነዳጅና ከሰል እያቃጠልን፣ ጫካ እየጨረስን እናበዛቸዋለን።

«ደመና ነገ ይሄዳል» አለች በመጨረሻ። «ካርቦኑ ግን እኛ አርጅተንም እዚሁ ነው።»

የሦስት ደቂቃው ደወል ገና አልተመታም ነበር። ጭብጨባው ሲነሳ ደንግጣ ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ለሌላ ሰው የተጨበጨበ መስሏት። እኔ ያን ጊዜ ፊቴን አዙሬ ጠርሙስ የማነሳ መሰልኩ።

መጥታ መለኪያዎቹን አብራኝ ሰበሰበች። ወረቀቴን አንስታ ሰጠችኝ፤ በአክብሮት፣ በሁለት እጇ።

«ቲቸር፣ የሚቀጥለውን እኔ ልጻፈው» አለችኝ።

የተቀየምኩ መስዬ ኮስተር አልኩባት። ከዚያ የመስታወት ቤቱን ወረቀት አጣጥፌ ፊቴን እያራገብኩበት፣ ጻፊው አልኳት።