የጋሽ ዓምሃ ቀይ ቀስት

ጋሽ ዓምሃ ጉለሌ ውስጥ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ማመልከቻ እየጻፉ ይተዳደሩ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ሥራውን ሊያስተምሩኝ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የጻፍኩትን ሁሉ ያርማሉ፤ የመጨረሻውን መስመር በቀይ ቀስት ወደ ላይ ያወጡታል። እኔም እንዳሉኝ እገለብጣለሁ፣ በማግስቱ ያንኑ ስሕተት እደግማለሁ። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ብዬ ልተወው ነበር።

የጎረቤታችንን የእትዬ ጀዊሪያን ማመልከቻ ስጽፍ ግን ቀስት አልሳሉም። ክረምት ደርሷል፣ የሴትዮዋ ጣሪያ ያፈሳል፤ እኔ ግን ማመልከቻውን የጀመርኩት ከባላቸው ሞት ነበር።

"ና፣ በጽሕፈት ቤቱ መስኮት እይ" አሉኝ።

የቀበሌው ጸሐፊ ከክምሩ አንድ ወረቀት ያነሳል፣ ሁለት መስመር ያነባል፣ ወደሚመለከተው ክፍል ይለያል፣ ሌላ ያነሳል።

"የሚጠየቀውን ካላወቀ የት ይላከው? መጀመሪያ የምትፈልገው፣ ከዚያ ምክንያቱ። ለቅሶ ቤት የመጣ መሰለህ እንዴ?"

ያን ሁሉ ቀስት የሳሉት ለዚህች አንዲት ነገር ነበር። ተመልሼ "የቤቴን ጣሪያ ለማደስ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ" ብዬ ጀመርኩ። ጋሽ ዓምሃ አነበቡት፤ ቀዩ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አልወጣም።

በሳምንቱ ከእትዬ ጀዊሪያ ቤት የጣሪያ ቆርቆሮ በሚስማር ሲመታ ሰማሁ። መንገዱ ላይ ቆሜ ብዙ አዳመጥኩ።