የጂብሪል ቀልድና የኢድ ሳህን

ጋሽ ጂብሪል ከአዳማ ሻሸመኔ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጎረቤቱ ነኝ፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ቀልዱን ሁሉ እሰማለሁ፤ ባልሰማም ጠይቄ አገኘዋለሁ። ከቀልዶቹ ደህና የሚባል አንድም የለም፤ ይህንንም ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። አንድ ዓመት በዓል ላይ ከስልኩ ጥሩ ቀልድ አነበበላቸው። ቤተሰቡ ስቆ ዝም አለ፤ በቃ። በመጥፎው ቀልድ ማማረር ግን እስከ ማታ ይቆያል፤ ልጆቹ እየተቀባበሉ ይሰድቡታል፣ ብርቱካን ልጣጭ ይወረውሩበታል። በቀልዱ የሚዋረድ ቢኖር ራሱ ብቻ ስለሆነ የሚቀየም የለም።

የቤቱ ደንብ ደግሞ አለ፤ በጂብሪል ቀልድ የሳቀ የኢዱን ሳህን ያጥባል። ስለዚህ ማንም አይስቅም።

ሱሃይላ፣ የመጀመሪያ ልጁ፣ ኡበይደላ የሚባል የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ አገባች። ጭንቀቷ አንድ ነበር፤ አባቷ ባሏን እንደ ልጁ ያየው ይሆን? በጭንቀቱ መሃል ደንቡን ለባሏ መንገር ረሳች።

የረመዳን ኢድ ምሳ ላይ ጂብሪል ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ኡበይደላ፣ አንተ ከነገሌ ዛሬ እንዴት ደረስክ? እኛ የጠበቅንህ ነገ ነው» አለው።

ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» አለ። ኡበይደላ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሳቀ። «በጣም ያስቃል፣ ጋሼ» አለ።

ጂብሪል ጎመን አነሳ፣ ጎረሰ፣ ሌላ ቀልድ አልጨመረም። ሙሽራው ሳህን ሲያጥብ፣ በድሪያ፣ አማቱ፣ አጠገቡ ቆማ ታለቃልቅ ነበር።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?»

«አከበርከው። እንዲህ የሚስቅለት ተሳፋሪ ነው፣ ታሪፍ እንዲቀንስለት። እኛ እንሰድበዋለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጂብሪል አማቹን ከአንተ ወደ አንቱ አሳደገው። «እንዴት አደሩ? ገበያ እንዴት ነው?» ይለዋል በስልክ። ይህ አንቱታ ለሱሃይላ ባሏን እንደ እንግዳ ማራቅ ነው። ለእኔ ስትነግረኝ እንኳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

አረፋ ደረሰ። ምሳ ላይ ጂብሪል፣ አመሉ ነውና፣ ወደ ማንም ሳያይ «ባቱን ያመመው ተሳፋሪ የት ወረደ?» አለ።

በየቀኑ የሚያልፍባትን ከተማ ጠርቶ ራሱ መለሰ።

«ባቱ።»

ኡበይደላ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ኧረ ጋሼ፣ በአላህ ይተዉ። ይሄን እኮ የነገሌ ጫኝ እንኳ አይሸከመውም።»

ጂብሪል ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ የብርቱካኑን ሳህን ወደ እሱ ገፋ አደረገለት። «ገና ምን ሰማህ? ሌላ አለኝ፣ አንተ፣ ወደዚህ ጠጋ በል።»

«አልጠጋም» አለ ኡበይደላ፣ ብርቱካኑን እየላጠ።

ሱሃይላ እስኪያስነጥሳት ሳቀች። የአረፋውን ሳህን እሷ አጠበች፤ ውሃው ሲፈስ፣ እሷም ስታንጎራጉር በግድግዳው ሰማሁ።