ከስምንት ሦስቱ

የኮሌጃችን የሕንፃ ስትራክቸር መምህር ባለቤታቸውን ቀብረው ሳይውሉ ሳያድሩ ክፍል ገቡ። ቦርዱ ላይ አንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ ሌላው ጫፉ ድጋፍ ላይ ያረፈ አግዳሚ ተሸካሚ፣ ቢም፣ ሳሉ። ጭነቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ተዘርግቷል።

«ድጋፉ ስንቱን ይሸከማል?»

«ግማሹን!» አልን ተቻኩለን።

«ግማሽማ የወንድማማች ውርስ ነው!» ብለው ተቆጡ። «እዚህ የሚዛን እኩልታ ብቻውን አይበቃም። ድጋፉን በሐሳብ አንሱትና ጫፉ ምን ያህል እንደሚወርድ አስሉ። ከዚያ ወደ ቦታው የሚመልሰውን ግፊት ፈልጉ። ድጋፉ የያዘው እሱን ነው።»

አሰላን። ድጋፉ ከስምንት ሦስት እጅ፣ ግድግዳው አምስት እጅ ሆነ።

ኮርሱን የምደግመው እኔ የለመድኩትን ቀልድ ጠበቅሁ። አምና እዚህ ላይ «ቤት ውስጥ ግድግዳው እኔ ነኝ፣ ድጋፉ ሚስቴ ናት» ብለው አስቀውን ነበር።

ዘንድሮ ድጋፉን በመዳፋቸው ጠረጉትና ቢሙን ከግድግዳው ሥር አጥፎ የሚሰብረውን ጉልበት፣ ሞመንቱን፣ እንደገና አሰሉ።

«ከቀድሞው አራት እጥፍ» አሉ፣ ፊታቸውን ከቦርዱ ሳይመልሱ። «እሷ እኮ ሦስቱን ብቻ ነበር የያዘችው።»