ሩጫዬ የተቀነሰበት ሁለት ሳምንት

የመጀመሪያውን ማራቶኔን ያቋረጥኩት ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ውድድሩ ስምንት ቀን ሲቀረው ለማንም ሳልናገር እንጦጦ ወጥቼ ረጅም ሮጬ ነበር፤ ልቤ እንዲረጋጋ ብዬ። በውድድሩ ቀን እግሬ አልታዘዝ አለኝና አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። አሰልጣኛችን ሰምተው አልተቆጡኝም። ዓመቱን ሙሉ አብረን ስንሠራም ነገሩን አላነሱብኝም።

ሁለተኛው ማራቶን ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በሱሉልታ መንገድ የመጨረሻውን ረጅም ሩጫ ጨርሼ ውኃ ስጠጣ፣ አሰልጣኙ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ።

«ቤትሽ ገብተሽ አንብቢው» አሉኝ። «በቃል ብነግርሽ ትከራከሪኛለሽ።»

ድሮ የስፖርት መምህር ስለነበሩ ጽሕፈታቸው ጥርት ያለ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ከነገ ጀምሮ ሩጫሽ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ከለመድሽው ኪሎ ሜትር ሲሶውን እንተዋለን፤ በሁለተኛው ከግማሽ በላይ። የምትሮጪባቸው ቀናት ብዙም አይቀነሱም። ፈጣኑንም ልምምድ በአጭር በአጭሩ እንቀጥላለን። የሚያጥረው ርቀቱ ነው። ሰውነት የሚጠነክረው ሮጠሽ ስታርፊ ነው። አሁን የምትጨምሪው ረጅም ሩጫ ጥቅሙ ለውድድሩ አይደርስም፤ ድካሙ ግን ይደርሳል። የወራት ልፋትሽ በሁለት ሳምንት አይጠፋም። እግርሽ ሊከብድሽ፣ እዚህም እዚያም ሊያምሽ፣ መንፈስሽ ሊቅበጠበጥ ይችላል፤ አትደንግጪ። ይህን የምጽፍልሽ ስለማላምንብሽ አይደለም። ሥራሽን ስለጨረስሽ ነው።»

ከሥሩም የየቀኑን ልምምድ ዘርዝረዋል። አነበብኩት እንጂ አልገባኝም። ጓደኞቼ ውድድራቸው ገና ስለነበር በየማለዳው በሽሮ ሜዳ አቀበት ሽቅብ ይወጣሉ። እኔ አርባ ደቂቃ ለስለስ አድርጌ ሮጬ ቤት እገባለሁ። ላብ በላብ ሆነው ሲወርዱ በበራችን ካየኋቸው፣ ሰነፍ የሆንኩ እየመሰለኝ ወደ ውስጥ እሸሻለሁ።

በአምስተኛው ቀን አላስቻለኝም። ገና ሳይነጋ ተነሥቼ የጫማዬን ክር ሳስር አባቴ ከሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው አዩኝ። ሸማኔ ናቸው፤ ከእኔ ቀድመው ነው የሚነሡት።

«ወዴት ነው?»

«ቁስቋም ደርሼ፣ ከዚያም ትንሽ ወደ ላይ ወጣ ብዬ ልመለስ።»

«ወረቀቱ ለዛሬ ምን ይላል?»

ማንበባቸውን አላወቅሁም ነበር። «አርባ ደቂቃ። ደልዳላ መንገድ ላይ።»

«ቁስቋም መቼ ነው ደልዳላ የሆነው?»

ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። መወርወሪያቸውን አስቀመጡ።

«አባባ፣ ሌሎቹ እየሠሩ እኔ ስቀመጥ ያመኛል» አልኳቸው።

«ስሚ ልጄ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ ኖሬያለሁ። ሥራህ አልቋል፣ ጥሩ ነው ብሎ በእጁ የጻፈልኝ ሰው ግን የለም። አንቺ ተጽፎልሻል። እመኚያቸው።»

ቁልቁል ወደ ሸጎሌ በኩል ወርጄ አርባ ደቂቃዬን ሮጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ደቂቃ አልጨመርኩም።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ደንግጬ ለአሰልጣኙ ደወልኩ።

«አብጧል?»

«አላበጠም።»

«ስትሮጪ ይብስብሻል?»

«እንዲያውም ስሮጥ ይተወኛል።»

«እንግዲያው ወረቀቱ ምን ይላል?»

«እዚህም እዚያም ሊያምሽ ይችላል፣ አትደንግጪ ይላል።»

«በቃ። ፓስታሽን ብይና ተኚ» ብለው ዘጉት። በማግስቱ ሕመሙ የት እንደገባ አላውቅም።

ውድድሩ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነበር። ስንነሣ እግሬ ከመቅለሉ የተነሣ ፈራሁት፤ በግድ ይዤ አቆየሁት። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ጋ ስደርስ ያ የምጠብቀው ድካም አልመጣም። ከፊቴ ስድስት ሴቶች ነበሩ። አንዷን አለፍኳት፤ ቀጥሎ ሁለት አብረው የሚሮጡ። ሠላሳ ስምንት ላይ አሰልጣኙ መንገድ ዳር ቆመው፣ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ «አሁን ነው! አሁን ልቀቂው!» ሲሉ ሰማሁ። ለቀቅሁት። አንዷን ደግሞ አልፌ ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ።

አሰልጣኙ እየሮጡ መጥተው ሰዓታቸውን አሳዩኝ። ከዚያ ትከሻዬን ያዙኝ።

በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ከታክሲ ስወርድ አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። ቦርሳዬን ነጠቁኝ። ቤታችን በአቋራጩ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እሳቸው ግን በዋናው መንገድ፣ በሸማ ሱቆቹ ፊት ለፊት ይዘውኝ ሄዱ። በየሱቁ በር ቆም ይላሉ።

«ሦስተኛ ወጣች» ይላሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሜዳሊያውን ከኪሴ አውጥቼ አንገቴ ላይ አጠለቅሁትና ቀስ ብዬ አብሬያቸው ተራመድኩ።