ሁሉም ተደምሮ

ሰፈሩም ሥራ ቤቱም መፍቻ ይሉታል። ዋናውን ስሙን የምትጠራው እህቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የስፌት መኪና ሥር ተንበርክኮ የኖረ ሰው በመሆኑ ሱሪው ሁልጊዜ ጉልበቱ ላይ ቀድሞ ያልቃል። መኪና ሲበላሽ መጀመሪያ አይነካውም። ጎንበስ ብሎ ያዳምጠዋል፣ ሰፊዋን "እስቲ ቀስ ብለሽ ርገጪው" ይላታል፣ ከዚያ "ይቺ ጉሮሮዋን ይዟታል" ብሎ ክዳኑን ይከፍታል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ሳይሆን ሲቀር ደግሞ "ዋሸችኝ" ይላል፤ ሰፊዎቹ ይስቃሉ።

የሚሠራበት ቤት የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ጠባብ አዳራሽ ነበር። ባለቤቱን ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። በዚያ ቤት ደመወዝ የአፍ ነገር ነው። ጋሼ በዓመት አንዴ በሩ ላይ ያስቆሙህና "ከሚመጣው ወር ይህን ያህል አድርጌልሃለሁ" ይላሉ፤ አበቃ። የተባለው ገንዘብ ሳይጎድል ይመጣል። መፍቻ ሌላ ዓይነት ደመወዝ አያውቅም ነበር።

ሚስቱ ስትሞት ልጁ ገና አንደኛ ክፍል አልገባችም። እህቱ "ለጊዜው እኔ ጋ ትሁን" ብላ ወሰደቻት። ያ ለጊዜው አራት ዓመት ሆነ። እሱ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር በደባልነት አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ እሁድ እሁድ ልጁን ሊያይ ይሄዳል፤ ማታ ሲመለስ ልጅቱ እስከ አስፋልቱ ትሸኘዋለች።

ዘንድሮ የእህቱ ባል ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። እህቱ አንድ እሁድ ልብስ እያጠበች፣ ፊቱን ሳታየው፣

"ወር ሳይሞላ እንሄዳለን" አለችው። "ልጅቱን ምን እናድርግ?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አንድ ክፍል ውስጥ ከዳቦ ጋጋሪ ጋር አላስተኛትም፣ ወንድሜ። ሁለት ክፍል ካገኘህ ያንተው ናት፤ ልብሷን አጥፌ አስረክብሃለሁ። ካላገኘህ ይዣት እሄዳለሁ። እዚያ ካስመዘገብኳት ደግሞ ትምህርቷን መሀል ላይ አላቋርጥባትም።"

በዚያው ሳምንት ነው ከከተማው ዳር ካለው ትልቁ የልብስ ፋብሪካ የተጠራው። የምርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ፈጣንና ሳቂታ ሰው፣ አንድ እምቢ ያለ መኪና ላይ ፈተነው። መፍቻ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፤ ከፈተ፤ አስተካከለ። ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣

"አንተን ከየት ነው የደበቁህ? በል ስማ፣ በወር ይህን ያህል ታገኛለህ። ሁሉም ተደምሮ" አለው።

መፍቻ "ሁሉም ተደምሮ" የሚለውን ሰምቶታል። ግን የተጠራው ገንዘብ ጋሼ ከሚከፍሉት በግማሽ ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ የተባለ ነገር ጆሮው አልገባም። መኪና ቢሆን ኖሮ ደግመሽ ርገጪው ይል ነበር።

በማግሥቱ ለጋሼ ነገራቸው። ጋሼ "መርቄሃለሁ" አሉት። የመካኒኮች ወግ አለ፦ የሚሄድ ሰው የመፍቻ ሳጥኑን ለሚተካው ሰው በሁሉም ፊት ያስረክባል፤ ያስረከበ ደግሞ ያንን ወንበር መልሶ አይጠይቅም። መፍቻ ሳጥኑን ለሚተካው ጓደኛው ሰጠ። ሰፊዎቹ አጨበጨቡ። አንዷ "ሳጥኑን ሰጥተህ ስሙን ይዘህ ልትሄድ ነው እንዴ?" አለችው። የዚያን ቀን ከሰዓት ለሁለት ክፍል ቤት ቀብድ ከፈለ፤ ታጣፊ የልጅ አልጋም ገዛ።

ውሉን ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ጉንፋን የያዛት፣ መነጽሯን በሻርፗ ጫፍ የምትጠርግ ሴት ነበረች። ወረቀቱን ገፋ አደረገችለት።

"ተረጋግተህ አንብበው። በተለይ የክፍያውን አንቀጽ። ሰው ሁሉ ፊርማውን ነው የሚፈልገው፤ በኋላ እኔ ላይ ይመጣል።"

አነበበው። የተባለው ገንዘብ የትም አልተጻፈም። አንድ ሌላ፣ ያነሰ ቁጥር አለ፤ መነሻ ደመወዝ ይላል።

"እትዬ፣ ይሄ ተሳስቷል" አለ። "እኔ የተባልኩት ሌላ ነው።"

"ስንት ነው የተባልከው?"

ነገራት። ሳትደነቅ እርሳስ አነሳች።

"እሱ ሁሉም ተደምሮ ነው። አስር ቦታ ክፈለው። ሰባቱ መነሻ ደመወዝህ ነው፤ እሱን ማንም አይነካብህም። ሦስቱ ተለዋዋጭ ክፍያ ነው። የግማሹ መለኪያ ያንተ መኪናዎች ናቸው፤ ቆመው የሚውሉበት ሰዓት ካነሰ ታገኛለህ። የግማሹ መለኪያ ፋብሪካው ነው፤ ዕቅዱን ከመታ ታገኛለህ። ካልመታ የለም።"

"እኔ መኪናዬን ሠርቼ ፋብሪካው ካልሸጠስ?"

"ያን ግማሽ አታገኝም።"

"በየወሩ ነው የሚከፈለው?"

"በየሩብ ዓመቱ፣ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ በሚመጣው ወር። ያውም ሩብ ዓመቱ ሲጀምር ቋሚ ለሆነ፣ ክፍያው በሚወጣበት ቀንም እዚህ ላለ ሰው።" እርሳሷ ወደ ላይኛው መስመር ወጣች። "አንተ ደግሞ መጀመሪያ ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ አለህ። በሙከራ የሚከፈለው የመነሻው ሰማንያ በመቶ ነው። የመነሻው እንጂ የድምሩ አይደለም።"

መፍቻ በልቡ ደመረ፤ ቀነሰ። በሙከራው ሦስት ወር የሚያገኘው ከጋሼ ደመወዝ ያነሰ ሆነ። እንደገና ደመረው። ያው ነው።

"ቋሚ ከሆንኩ በኋላስ? ሦስቱ ወዲያው ይጀምራል?"

ሴትዮዋ የቀን መቁጠሪያውን አዞረችለት። የፋብሪካው የበጀት ዓመት ከገባ አንድ ወር አልፎታል። ሙከራውን ሲጨርስ ሁለተኛው ሩብ ዓመት ተጀምሮ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ያ አይቆጠርለትም። የሚቆጠርለት ሦስተኛው ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ እሱ ካለቀ በኋላ። ጣቷን ወር በወር ስታወርድ መፍቻ ጣቷን እንጂ ወሮቹን አላየም።

"ስምንት ወር" አለች። "ያም ከተገኘ።"

የመጨረሻው መስመር "ደመወዝ በየበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ይገመገማል" ይላል። መፍቻ ትንሽ ቀና አለ።

"እንግዲያው በሚመጣው ዓመት ይጨመርልኛል።"

"ቀጥሎ ያለውን አንብበው።"

ጮክ ብሎ አነበበው፦ ቋሚ ከሆነ አስራ ሁለት ወር ያልሞላው ሠራተኛ በግምገማው አይካተትም፤ ግምገማውም ጭማሪ የመስጠት ግዴታን አያስከትልም።

"የሚመጣው ዓመት ሲገባ ገና አይሞላህም" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓመት ነው የምትገባው። ያኔም ያዩልሃል ይላል እንጂ ይጨምሩልሃል አይልም።"

የምርት ክፍሉን ኃላፊ በስልክ ጠራችው። እየሳቀ ገባ። ነገሩን ሲሰማ ሳቁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

"ወንድሜ፣ እኔ እኮ አልዋሸሁህም። ሁሉም ተደምሮ አላልኩህም?"

"ብለኸኛል።"

"እኔም ስገባ እንደዚሁ ነበር። ሦስት ወር ምን አላት? ጥርስህን ነክሰህ ማለፍ ነው።"

"ልጅ አለችኝ" አለ መፍቻ። ኃላፊው ልጅ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ።

መፍቻ ሁለት ነገር ጠየቀ፦ በሙከራው ጊዜ መነሻው ሳይቆረጥ እንዲከፈለው፣ ተለዋዋጩም ቋሚ ከሆነበት ቀን ጀምሮ በቀን ተሰልቶ እንዲታሰብለት። ሴትዮዋ ጽፋ ወደ ላይ ይዛ ወጣች። እሱ ውሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ስትመለስ ጉንፋኑ የባሰባት መሰለ።

"ለአንተ ከቀየርን ለሁሉም መቀየር አለብን አሉ። አንድ ነገር አስፈቅጃለሁ፦ ሙከራህ ሲያልቅ ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጥሃል፤ ዝም ካሉህ እንደ ቋሚ ትቆጠራለህ። እጄ ላይ ያለው ይሄ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አላት። የምሩን ነው።

ወረቀቱን አልፈረመም፤ ነገ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። እግሩ ወደ ጋሼ ቤት ወሰደው። በሩ ክፍት ነበር። ከውጭ ቆሞ የሦስተኛዋን መኪና ድምፅ ለየ፤ መርፌዋ እየመታ ነው፤ ብሎኗ ግማሽ ዙር መላላት አለበት። ጓደኛው ሳጥኑን ይዞ ወደሷ ሲሄድ አየው። ጎንበስ ብሎ ማዳመጡ ሳይቀር እንደሱ ነው። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው የሸሚዝ ቁልፍ ይቆጥራሉ። ቢጠራቸው እንደሚያሳፍሩት አላሰበም፤ እንደማያሳፍሩትና ያንን ሰው ከወንበሩ እንደሚያስነሱት ነው ያሰበው። ሳይጠራቸው ተመለሰ።

በማግሥቱ ፈረመ። ሁለት ክፍሉን ቤት ተወው፤ ቀብዱን ግን የቤቱ ባለቤት አልመለሱለትም።

እሁድ እህቱ ጋ ሲደርስ ልጅቱ ልብሷን በሁለት ፌስታል አድርጋ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አባዬ፣ አልጋው የእውነት ይታጠፋል?"

"ይታጠፋል።"

እህቱ ፊቱን አየችውና ነገሩ ገባት። ልጅቱን ወደ ሱቅ ልትልካት ስትል "ተያት፣ ትስማ" አላት። ውሉን አውጥቶ አንድ በአንድ አስረዳ፣ ሴትዮዋ እንዳስረዳችው፣ እርሳስ ስለሌለው በጣቱ። ልጅቱ አራተኛ ክፍልን ያለፈችው በሒሳብ አንደኛ ሆና ነው። ከአስር ሰባት ስትል፣ ከሰባቱ ሰማንያ በመቶ ስትል ከእሱ ቀደመች።

"አይበቃማ" አለች።

"አይበቃም።"

"የቤት ኪራዩ በወር ነው፣ ትርፉ ግን ከስምንት ወር በኋላ ነው።"

"አዎ።"

"ግምገማ ማለት ደግሞ ፈተና ነው?"

"እንደዚያ ነገር። ግን ብታልፊም ላይጨምሩልሽ ይችላሉ።"

ልጅቱ ይሄኛው አልገባትም፤ ወደ አክስቷ ዞረች። እህቱ ስሙን ጠራችው፤ በዚህ ጊዜ ግን ቁጣ አልነበረበትም። "ከርሞ እናያለን" አለች። ልጅቱ ፌስታሎቿን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ልብሶቹን አንድ በአንድ ወደ ሻንጣ ስትገለብጥ ይሰማል።

ሲሄዱ እስከ አውቶቡሱ ሸኛቸው። ልጅቱ በመስኮቱ በኩል "አባዬ፣ መኪኖቹ እንዳይቆሙብህ" አለችው።

"አይቆሙም" አላት።

ማታ ዳቦ ጋጋሪው ወደ ሥራ ሊወጣ ሲለባብስ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ታጣፊ አልጋ አየ። ላስቲኩ አልተቀደደም።

"ይሄን ነገር እንሽጠው እንዴ? መንገድ ዘግቷል። ወይ ሱሪዬን ልስቀልበት።"

መፍቻ ጉልበቱ ላይ የሳሳውን ሱሪውን በመርፌ እየጠቀመ ነበር። ቀና አላለም።

"እዚያ ላይ አትስቀል" አለው።