እትዬ የደበቀችው ቅባት

እህቴን የምወዳት ምላሴን እየነከስኩ ነው። እትዬ እላታለሁ፤ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፣ በግትርነት ደግሞ በሃምሳ። ሃያ ዓመት ጸጉር ቤት የሰው ጸጉር ስታጥብ ኖራ እጇ ተሰነጣጠቀ፤ ቅባት መሥራት የጀመረችውም ለራሷ ነው። እጇ ሲድን ጎረቤት ለመነቻት። ቆይቶ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ባለቤት ሠላሳ ብልቃጥ አዘዛት፤ ሰኞ ያስረክቡኝ አለ።

ውስጡ ምን እንዳለ ግን ለማንም አልተናገረችም። ለእኔም። ስትሠራ የወጥ ቤቱን በር ትቆልፋለች፤ እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ መለያውን በእጄ እጽፋለሁ። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ኬሚካል የለበትም» ጻፊ አለችኝ። ሌላስ ስላት «ሌላ የለም። ልንገርሽና ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሥራው?» አለች።

ጎረቤታችን ፋርማሲስቷ መለያውን አይታ ፊቷን አጨማደደች። «እትዬ፣ ውኃም ኬሚካል ነው፤ ይሄንን ይሰርዙት። የገባበትን ሁሉ ከሚበዛው ጀምረው ይዘርዝሩ። የተሠራበትን ቀንና የዙሩን ቁጥር፣ ስንተኛ ጊዜ እንደተሠራ፣ ይጻፉ። ውኃ ነክ ነገር ካለበት እንዳይሻግት ማቆያ ያስፈልገዋል። ሳይሸጡ ላብራቶሪ ያስመርምሩት፤ ከየዙሩም አንድ ብልቃጥ ያስቀሩ።»

«ቫይታሚን ኢ ጨምሬበታለሁ» አለች እትዬ።

«እሱ ዘይቱ ቶሎ እንዳይሸት እንጂ ሻጋታ አይከለክልም።»

እትዬ ዋጋውን ያወጣችው በዘይቱና በብልቃጡ ሒሳብ ብቻ ነበር፤ የራሷን ድካም፣ የተሰበሩትን ብልቃጦች፣ የምርመራውን ክፍያ አልጨመረችም። ክፍያው ሲደመር ትርፏ ይጠፋል። ስለዚህ ከምክሩ ሁሉ ምንም የማያስወጣትን ብቻ ወሰደች፤ አንዷን ብልቃጥ መስኮቱ ላይ አስቀረች።

ዓርብ ጠዋት መስኮት ስወለውል ያችን ብልቃጥ ከፈትኳት። ከክዳኑ ሥር አረንጓዴ ነጠብጣብ ተዘርቷል፤ ሽታውም የእርጥብ ጨርቅ ነው። እትዬን ጠራኋት። አየችና ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ለልጄ ሰጥቻታለሁ» አለች። «ባለፈው ሳምንት። ለሕፃኗ።»

የልጅ ልጇ ገና ሁለት ወሯ ነው። ደወልን፣ አይነሳም። ደግመን ደወልን። ታክሲ ውስጥ እትዬ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ «ቀልቤ ነግሮኝ ነበር» እያለች ትደጋግማለች። ቀልቧ ቢነግራትማ ባልሰጠች፤ የነገረቻት ፋርማሲስቷ ናት። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

ልጇ ቤት ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቷ ጤና ጣቢያ ሄዱ ስትለን ወደዚያው ሮጥን። ሕፃኗን ነርሷ ፊት አገኘናት። ጭኗና ደረቷ ቀልቷል፣ ጥቃቅን ሽፍታ አውጥቷል፣ ድምጿም ከማልቀስ ብዛት ሰልሏል። የእትዬ ልጅ ብልቃጧን ይዛለች። እናቷን አየቻት እንጂ አላናገረቻትም።

ነርሷ መለያውን ገልብጣ አየች። «ተፈጥሯዊ ይላል። ምኑ ነው ተፈጥሯዊው? ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ።

«እናት፣ ምን ምን አለበት? ሐኪሙ ሳያውቅ ምን ይስጣት?»

ከኋላችን ወረፋው ረጅም ነው። ሁለት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ። አንዷን አውቃታለሁ፤ እትዬ ትሠራበት የነበረው ጸጉር ቤት ባለቤት ናት። እትዬም አየቻት። እጇን ያዝኩት።

«የኮኮናት ዘይት» አለች። «ጥሬ የእሬት ዝልግልግ፣ ከጓሮዬ። የንብ ሰም። ቫይታሚን ኢ። የባሕር ዛፍ ዘይት።»

«የባሕር ዛፉ ምን ያህል?»

«በክዳን ነው የምለካው። ሁለት ክዳን... አንዳንዴ ሦስት።»

«ለሁለት ወር ሕፃን?» አለች ነርሷ። ሳትቆጣ ነው ያለችው፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ነርሷ ብልቃጧን ይዛ ወደ ሐኪሙ ገባች፤ እኛ አግዳሚው ላይ ቀረን። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ሐኪሙ ቆዳዋ ተቆጥቷል እንጂ አልመረቀዘም አለ። የባሕር ዛፍ ዘይት የሕፃን ትንፋሽ ያውካል ብሎ ደረቷን ደጋግሞ አዳመጠ። ይታጠብ፣ ምንም አይቀባ፣ ትኩሳት ካመጣች ወይም አተነፋፈሷ ከተለወጠ ወዲያው ትምጣ አለን። ሦስት ቀን ተራ በተራ ትንፋሿን ስናዳምጥ ከረምን። በአራተኛው ቀን ቅላቱ ለቀቀ።

ሠላሳውም ብልቃጥ ተደፋ። ባለሱቁ ተቀየመ፣ ይቀየም። እትዬ ግራም የሚለካ ሚዛን ገዛች፤ እሬቱንና ባሕር ዛፉን አስወጥታ ውኃ የሌለበት ቅባት ብቻ ሠራች። መጀመሪያ የራሷ ክንድ ላይ ቀብታ ሁለት ቀን ጠበቀች። ላብራቶሪም ላከች፤ ክፍያውን ዋጋው ላይ ጨመረችው። መለያውን ስጽፍ በሩ ክፍት ነበር፣ እሷ ከጎኔ ቆማ እየነገረችኝ፤ ዝርዝሩን፣ ቀኑን፣ የዙሩን ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ «ለሕፃናት አይሆንም»።

የመጀመሪያዋን ብልቃጥ ለልጇ ወሰደችላት። «ለእጅሽ ነው» አለቻት። ልጅቷ ተቀብላ መለያውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ «እሺ እማዬ» አለችና ወንበር ላይ ወጥታ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ፣ ከመድኃኒቶቹ ኋላ አስቀመጠችው። እትዬ አየቻት። ከዚያ ሕፃኗን ለማቀፍ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት ሄዳ በሳሙና ታጠበች፤ አሁንም እዚያ ቤት በሄደች ቁጥር እንደዚያ ታደርጋለች።